ዋስ ያጣ ዕጣ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ነው። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለእናቴ «ደህና ነኝ» ብዬ ለመጻፍና የደመወዝ ቼክ ስቀበል ለመፈረም ብቻ ነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ሰው የተሰበሰበበት ቤት ስገባ በቅድሚያ የምፈልገው በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ነው። አሁን ግን አዲስ የመጡ ልጆች እቁብ ልንጀምር ነው እያሉ እንዴት እንደነበረ ይጠይቁኛል። በአፌ ስጀምረው መሃል ላይ ይጠፋብኛል። ስጽፈው ግን ማንም ፊቴን ስለማያይ ይሻላል ብዬ ነው።

ወደ ሎስ አንጀለስ የመጣሁት የአንድ ቤተሰብ ልጆች አሳዳጊ ሆኜ ነበር። ቤተሰቡ ወደ አገሩ ሲመለስ እኔ ቀረሁ። ዌስትቼስተር፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ሥራ አገኘሁ። ምድር ቤት፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ጥግ ላይ ተቀምጬ የተቀደደ አንሶላ፣ የተተረተረ መጋረጃ፣ የአስተናጋጅ ሱሪ እጠግናለሁ። ያደግሁት በአጎቴ የልብስ ስፌት መኪና ሥር ስለሆነ፣ ከፊደል በፊት የማውቀው ስፌት ነው።

እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ የአገሬ ሰው ነበሩ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። አንሶላ በሚተኩሰው ትልቅ ማሽን ላይ ቆመው ይውላሉ። ሲመሽ ወገባቸውን ይዘው «ይሄ ማሽን እኔን ነው የሚተኩሰው» ይላሉ። እጃቸው ፈጣን ነው፤ አፋቸው ደግሞ ከእጃቸው ይፈጥናል። እኔ ቀኑን ሙሉ የማልናገረውን ሁሉ እሳቸው በእኔ ፈንታ ይናገሩልኛል።

ከሥራ ስመለስ አውቶብስ የምቀይረው ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ነበር። ያን ጊዜ እዚያ የእኛ ሰው ሱቅ አልነበረም፤ የአይሁድ ዳቦ ቤቶችና ሥጋ ቤቶች ነበሩ። አውቶብስ ማቆሚያው ፊት ለፊት የአንድ ሽማግሌ የልብስ ስፌት ቤት አለ። አውቶብሱ ሲዘገይ በመስኮቱ የስፌት መኪናዎቹን አያለሁ። አንድ ቀን ሽማግሌው በጣታቸው ጠሩኝ። ለመሸሽ አስቤ ነበር፤ እግሬ ግን ዛል ብሎ ስለነበር ሳልሸሽ ቀረሁ። አንድ ሱሪ ሰጡኝና ጫፉን እንድሰፋ በእጃቸው አሳዩኝ። ሰፋሁት። ገለበጡት፣ ውስጡን አዩት፣ ሌላ ሱሪ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ መሥራት ጀመርኩ። ስለማንነጋገር ተስማማን።

በኋላ አንድ ቅዳሜ ሽማግሌው ጉልበታቸውን እያሹ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ መሆኑን ነገሩኝ። ሱቁን ለእኔ መሸጥ ይፈልጋሉ፤ መኪናዎቹን፣ መተኮሻውን፣ ደንበኞቹን። ሲሶውን በቅድሚያ ብሰጣቸው ቀሪውን በየወሩ ይቀበሉኛል። የቤቱ ኪራይ ውል የሚያልቀው በሚቀጥለው ዓመት ከፈረንጆች ገና በፊት ነው። እስከዚያ ካልሆነልኝ ጎረቤት ያለው ጫማ ሻጭ ግድግዳውን አፍርሶ ቦታውን ይወስደዋል። «ያ ሰውዬ መኪናዎቹን አይፈልግም» አሉኝ፤ «ለብረት ነው የሚሸጣቸው።»

ያን ቀን ማታ አውቶብስ ላይ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሁልጊዜ ይወስደኝ ነበር።

ለእትዬ ስነግራቸው ማሽኑን ሳያቆሙ «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ባንክ ሂጂ!» አሉኝ። እንግሊዝኛ የሚናገርልኝ ሰው ፈልገው ጎረቤታቸውን ሰጡኝ። ጎረቤታቸው የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው፤ ቀጭን፣ ጫጫታ የሚወድ፣ ሰው ሁሉ ወንድሙ የሆነ። ባንክ ቤት ክራቫት ያሰረ ሰውዬ አስቀመጠንና ዕዳ ይኖርብኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ይህን ለመመለስ ተርጓሚ አላስፈለገኝም። በሕይወቴ ከማንም አምስት ሳንቲም ተበድሬ እንደማላውቅ በኩራት ነገርኩት። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀና ወረቀቱን አጠፈው።

ውጭ ስንወጣ ተማሪው ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

«ኦኬ፣ ስሚኝ፤ እዚህ አገር ተበድሮ የማይከፍል ሰው ሌባ ነው። ጨርሶ ተበድሮ የማያውቅ ደግሞ አልተወለደም። አንቺ ገና አልተወለድሽም።»

«ዕዳ የሌለበት ሰው ጥሩ አይደለም?» አልኩት።

«መንግሥተ ሰማያት ለመግባት ጥሩ ነው። ለክሬዲት አይሆንም።»

የሆቴሉ ሠራተኞች የብድርና ቁጠባ ማኅበር ነበራቸው፤ ክሬዲት ዩኒየን ይሉታል። ምድር ቤት ዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ ያለች አንዲት መስኮት ናት። እትዬ እጄን ይዘው ወሰዱኝ። መስኮቷ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ቀስ ብላ አስረዳችን። ከደመወዜ በየጊዜው ተቆርጦ ይቀመጥልኛል። ይህ ሼር ይባላል። ጥቂት ወራት አባል ከሆንኩ በኋላ ያስቀመጥኩትን እጥፍ መበደር እችላለሁ። ወለድ አለው፤ ከባንክ ግን ያንሳል። ብድሩን እስክጨርስ ድረስ ሼሬን ማውጣት አልችልም። ደግሞ ሌላ አባል አብሮ መፈረም አለበት፤ እኔ ካልከፈልኩ ያ ሰው ይከፍላል።

እትዬ ሳቁ። «ይሄማ እቁብ ነው! ዳኛው እንግሊዝኛ መናገሩ ብቻ!»

እትዬም አባል ሆኑ፤ እኔም ከደመወዜ ማስቆረጥ ጀመርኩ። ነገር ግን ኪራይ ከፍዬ፣ ለእናቴ ልኬ የሚተርፈኝ ጥቂት ነው። በዚያ አካሄድ የሽማግሌውን ሲሶ ስደርስበት እኔም ሽማግሌ እሆናለሁ። እትዬ መላውን አመጡ። በእቁብ የሚደርሰኝን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ክሬዲት ዩኒየን አስገብቼ እጥፉን ብበደር፣ ሲሶው ይሞላል። አንዱ ለሌላው መሰላል ይሆናል ማለት ነው። እሳቸው ያሉበት እቁብ አዲስ ዙር ሊጀምር ስለነበር አስገቡኝ።

እቁቡ የሚሰበሰበው በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በዳኛው ቤት፣ ከፌርፋክስ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ዳኛውን ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ከሁሉም ቀድመው ለትምህርት የመጡ ሰው ናቸው፤ ዳውንታውን ትልቅ የመኪና ማቆሚያ ያስተዳድራሉ። ከእቁብተኞቹ ብዙዎቹ ገንዘብ ከአገር ቤት የሚላክላቸው ተማሪዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ እሳቸው ጋ መኪና ፓርክ ያደርጋሉ። እንደ ልማዱ የመጀመሪያው ዕጣ የዳኛው ነው፤ እሳቸው ወሰዱ። ከዚያ በኋላ ያልደረሳቸው ሰዎች ስም በትንንሽ ወረቀት ተጠቅልሎ ብርጭቆ ውስጥ ይገባል፣ በናፕኪን ይሸፈናል፣ ይናጣል፣ አንድ ሰው ፊቱን አዙሮ ያወጣል። የወጣለት ሰው ዋስ አቅርቦ ይወስዳል። ዘግይቶ የመጣ ይቀጣል። ቅጣቱ ለለስላሳ መጠጥ ይሆናል፤ ተማሪው ሁልጊዜ እየዘገየ «እኔ ባልኖር በውኃ ጥም ታልቁ ነበር» ይል ነበር።

እዚያ ቤት ውስጥ ያየሁትን መልካም ነገር መካድ አልችልም። አንዱ በደረሰው ገንዘብ አሮጌ መኪና ገዝቶ በርባንክ የሚባል ከተማ ሥራ ያዘ፤ የፊልም ስቱዲዮ ውስጥ ወለል ያጸዳል። ሌላው የትምህርት ቤት ክፍያውን ጨረሰ። ማንም ክሬዲት አልጠየቃቸውም። ወለድ የለም። ለብቻዬ ብሆን ያን ገንዘብ በየሁለት ሳምንቱ አላስቀምጥም ነበር፤ እዚያ ግን ሰው ስለሚጠብቀኝ አስቀመጥኩ። ምሳ ቀነስኩ። አንድም እሑድ ቀርቼ አላውቅም። እግሬ እያበጠ እሄዳለሁ፣ ገንዘቤን እሰጣለሁ፣ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ፣ የሌላ ሰው ስም ይወጣል፣ እመለሳለሁ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ የእኔ ስም ወጣ።

ሁሉም አጨበጨበ። እትዬ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ያኔ ተማሪው ተነሣ። ያን ቀን ሳይዘገይ ነበር የመጣው፤ ልብ ማለት ነበረብን።

«ወገኖቼ፣ ዛሬ ቀልድ የለኝም» አለ። «በዚህ ሳምንት የትምህርት ክፍያ ካልከፈልኩ ከመዝገብ እሰረዛለሁ፤ ከተሰረዝኩ ደግሞ የመኖሪያ ወረቀቴ ይሰረዛል። ከቤት የሚላክልኝ ዘገየ። ዕጣው የወጣላት እህቴ ብትለቅልኝ፣ የእኔ ሲወጣ እሷ ትወስዳለች።»

ይህ በእቁብ ያለ ነው፤ የቸገረው ይለምናል፣ የወጣለት ይለቃል። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ምን ትያለሽ? ዕጣው ያንቺ ነው። እምቢ ብትዪ የሚቀየምሽ የለም።»

ክፍሉ በሙሉ በሩ አጠገብ ወዳለው ወንበር ዞረ። ስለ ሽማግሌው ሱቅ መናገር ነበረብኝ። እምቢ ማለት ቃል ይፈልጋል፤ እሺ ለማለት ግን አንገት ይበቃል። አንገቴን ነቀነቅሁ።

ከዚያ ጋሼ ተማሪውን ዋስህ ማን ነው አሉት። አንድ ክፍል አብሮት የሚከራየው ጓደኛው እጁን አወጣ። ይህ ጓደኛ ከዚያ በፊት ዕጣው ደርሶት ወስዷል፤ ያኔ ዋስ የሆነው ደግሞ ራሱ ተማሪው ነበር። ጋሼ ግንባራቸውን አከክ አከክ አደረጉ። ነገሩ ገብቷቸዋል። «እናንተን አላምንም» ማለት ግን ነውር መሰላቸው። አገር ቤት ቢሆን ሱቅ ያለው፣ ቤት ያለው ሰው አምጣ ይሉት ነበር፤ እዚህ ማን ቤት አለው? «ይሁን» አሉ። የተማሪዎቹ ዋስትና ሁሉ እንዲሁ ነበር፤ ይህ ለዚያ፣ ያ ለዚህ።

አውቶብስ ላይ እትዬ እስክወርድ ድረስ ተቆጡኝ።

«አንገትሽ ከአፍሽ ቀድሞ የሚመልሰው ለምንድነው?»

«ተቸግሮ ነው እኮ እትዬ።»

«አንቺስ ደልቶሻል? ጫማ ሻጩ መኪናዎቹን ለብረት ሲሸጥ ይሄን አንገትሽን ሄደሽ ታሳዪዋለሽ!»

የቀረውን ሁሉም ያውቀዋል። አብዮቱ ፈነዳ፤ አገር ቤት ነገሩ ተገለባበጠ። በመንግሥት ወጪ ይማሩ ለነበሩት ይላክ የነበረው ቆመ፤ ከቤተሰብ የሚላክላቸውም ቤተሰቡ ራሱ የሚበላው አጣ። ደብዳቤ የሚያመጣው ወሬ ብቻ ሆነ። በቀጣዩ የእቁብ እሑድ ጋሼ ቤት የመጣው ሰው ግማሽ አይሞላም ነበር። ከመጡትም ገንዘብ የያዙት ጥቂቶች ነን። እትዬና እኔ ደመወዛችን ከሆቴሉ ስለሆነ አልተነካብንም። በርባንክ የሚሠራውም ይዞ መጣ። ሌሎቹ ወለሉን ያያሉ።

የተማሪው ጓደኛ አልነበረም። ቴክሳስ ዘመድ አለኝ ብሎ በአውቶብስ ሄዷል፤ ፍራሹን እንኳ ትቶ።

«ዋሱ ማን ነበር?» አሉ ጋሼ፤ ማን እንደሆነ እያወቁ።

«እኔ ነኝ» አለ ተማሪው። «የእኔ ዋስ ደግሞ እሱ ነው። ሶ... ተደጋግፈን ቆመን ነበር፤ ተደጋግፈን ወደቅን።»

ማንም አልሳቀም። እሱም የተናገረው ሊያስቅ አልነበረም።

ያን ጊዜ ቂም ለመያዝ እንኳ ደክሞኝ ነበር። በኋላ ግን አሰብኩበት። አጎቴ በነበረበት የመርካቶ እቁብ ውስጥ በርበሬ ነጋዴ፣ ቆዳ ነጋዴ፣ ልብስ ሰፊ፣ ሻይ ቤት ያለው ሰው ነበሩበት። በርበሬው ቢከስር ቆዳው ይቆማል። ሰው ቢጠፋም ሱቁ አይጠፋም፤ ሚስቱና ጎረቤቱ አሉ፣ ስሙ አለ። እኛ ግን ሁላችንም ከሞላ ጎደል ከአንድ ጉድጓድ ነበር የምንቀዳው፤ ጉድጓዱ ሲደርቅ ሁሉም በአንድ ቀን ተጠማ። ወረቀት የለን፣ የምንካሰስበት የለን። አገር ቤት ሰውን የሚይዘው እፍረት ነው፤ እዚህ ግን እፍረት ቴክሳስ ድረስ አይከተልም።

ጋሼ እቁቡን አላፈረሱትም። በአንደኛው ዕጣ የገዙትን መኪና ሸጠው ገንዘቡ አስቸኳይ ለሆነባቸው ሰዎች ከፈሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሥራ በአውቶብስ ይሄዱ ነበር። ዕጣቸውን ወስደው መክፈል ያቃታቸውን ልጆች ሰበሰቡና «የሸሸ ሰው ሥራ የለኝም፤ የቸገረው ግን ይምጣ» አሉ። ሺፍት ከፋፍለው ሰጧቸው። ተማሪው ከትምህርቱ በኋላ ዳውንታውን መኪና ፓርክ ማድረግ ጀመረ። ከዚያ እቁቡ በግማሽ መዋጮ ተነሣ። ዕጣ የለም፤ ያልደረሰን ሰዎች ጥቂት ስለሆንን በምክክር፣ እንደ ችግሩ፣ ተራ በተራ። የዋስ ሕግም ተለወጠ፦ ዋስ የሚሆነው ገና ያልወሰደ ሰው ብቻ ነው፤ ዋስ የሆነለት ሰው ካልከፈለ፣ ከዋሱ ድርሻ ይቆረጣል። እርስ በርስ መዋስ ቀረ።

ክረምቱ አለፈ፤ የፈረንጆች ገና ከአንድ ወር ትንሽ በላይ ቀረው። አንድ ቅዳሜ ከፌርፋክሱ ሱቅ ስደርስ ጫማ ሻጩ በሜትር ግድግዳውን ይለካል። ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጥተውት ቁልፍ ይተክላሉ። ሰውዬው ሲወጣ ቀና ሳይሉ «እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቅሻለሁ» አሉኝ። «ከዚያ በኋላ የቤቱ ባለቤት አይጠብቀኝም።» ያን ዕለት የሰፋሁት ስፌት ጠማማ ሆኖ ፈታሁት።

በማግስቱ እሑድ ጋሼ «ማነው የቸገረው?» ሲሉ፣ በርባንክ የሚሠራው ሰውዬ ቀድሞ ተናገረ። ከመጀመሪያው ጀምሮ መኪናውን ከገዛበት ዕጣ ሌላ፣ ሁለተኛ ዕጣ ይዞ ነበር፤ በእቁብ ሁለት ዕጣ መያዝ ይቻላል። ታናሽ ወንድሙ ሱዳን ደርሷል። የጉዞ ወረቀቱ ሲያልቅ የአውሮፕላን ትኬት ይልክለታል።

ይህን ሰምቼ ዝም ልል ነበር። ሱቅና ወንድም በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ግን «ወረቀቱ ሲያልቅ» ያለው ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። እትዬ አያዩኝም፤ ሆነ ብለው ጣራውን ያያሉ። ተነሣሁ። በሩ አጠገብ ስለነበርኩ ልወጣ የተነሣሁ መስሏቸው መንገድ ለቀቁልኝ።

«ለእኔ ይሰጠኝ» አልኩ።

ተማሪው «ዝምተኛዋ ተናገረች!» ሊል አፉን ከፍቶ ዘጋው።

ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ወሩ መጨረሻ፣ ገንዘቡ ክሬዲት ዩኒየን ገብቶ እጥፍ ብድር እንደሚያመጣ ነገርኳቸው። አንዳንዱን ሁለት ጊዜ አልኩት። ከዚያ ወደ በርባንኩ ሰውዬ ዞሬ «የወንድምዎ ወረቀት መቼ ያልቃል?» አልኩት።

«ከገና በኋላ ይላሉ። ምናልባት ከጥምቀትም በኋላ።»

«የሚቀጥለው ተራ የእርስዎ ይሁን። እኔ መዋጮዬን አላቋርጥም።»

«ብታቋርጪስ?» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ እንደ እኔው ነው የደከመው። «እህቴ፣ እነዚህም ሁሉ አናቋርጥም ብለው ነበር። ዋስሽ ማነው?»

ይህን አላሰብኩትም። ዋስ የሚሆነው ያልወሰደ ሰው ነው፤ ያልወሰደው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው፤ እኔ ደግሞ ከእነሱ ጋር አንድ ዓመት ሙሉ ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልተለዋወጥኩም። ያኔ ነው ዋስ ምን እንደሆነ የገባኝ። ወረቀት አይደለም፤ ከሰው ጋር ስትቀመጥ የምታጠራቅመው ነው። እኔ ገንዘቡን አጠራቅሜ ሰዉን ሳላጠራቅም ቀርቻለሁ። ተማሪው እጁን ሊያወጣ ሞከረ፤ ጋሼ «አንተ እጅህን ኪስህ ውስጥ አድርግ» አሉት።

ከዚያ እትዬ ጣራውን ማየት አቆሙ።

«እኔ አልወሰድኩም» አሉ። «የእኔ ድርሻ ይያዝ።»

ጋሼ ደነገጡ። «ያንቺ ድርሻ ለልጅሽ ትምህርት አልነበረም እንዴ?»

«ነበር። አሁን ለሁለት ነገር ነው። ጋሼ፣ ለጽድቅ እንዳይመስልዎት። ያ ማሽን ወገቤን ጨርሶታል። ሱቁ ውስጥ መተኮሻ አለ አሉ፤ እሱን የምይዘው እኔ ነኝ። ከዚህች ልጅ ጋር እንሻረካለን፤ እሷ ትሰፋለች፣ እኔ እተኩሳለሁ፣ ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ የምናገረው እኔ ነኝ። እሷ ብትናገር ሱቁ በሳምንት ይዘጋል።»

ከዚህ በፊት አንድም ቀን ይህን ነገር አንሥተውልኝ አያውቁም ነበር። በርባንኩ ሰውዬ እትዬን አያቸው፣ ጋሼን አያቸው፣ ከዚያ «ኦኬ» አለ። ያን ኦኬ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ወንድሙ በእኔ ቃል ላይ ቆሟል ማለት ነው።

ጋሼ ገንዘቡን ቆጥረው በፖስታ ሰጡኝ። ቀድሞ ሊደርሰኝ ከነበረው ግማሹ ነው። ተማሪው ተከትሎኝ ደጅ ወጣና ከኪሱ የተጨማደዱ ዶላሮች አወጣ፤ መኪና ያቆሙለት ሰዎች የሰጡት ጉርሻ ነው።

«የወሰድኩት ያንቺን ዕጣ ነው» አለኝ። «መዋጮውን እሑድ እሑድ ውስጥ እከፍላለሁ፤ የጎደለብሽን ግን በየጊዜው እዚህ ደጅ ላይ እሰጥሻለሁ። አትቁጠሪው፣ አፍራለሁ።»

ሰኞ ዕለት ፖስታውን ክሬዲት ዩኒየን አስገባሁት። ቀደም ሲል ከደመወዜ ከተቆረጠው ጋር እጥፉ ሲሰላ ሲሶውን አይሞላም። ሽማግሌው ሰምተው ብዙ አጉረመረሙ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ ከዚያ የጎደለው በየወሩ ክፍያ ላይ ይጨመር አሉ። ለሽማግሌው ዕዳ፣ ለማኅበሩ ዕዳ ከነወለዱ፣ ለእቁቡ መዋጮ። ተበድራ የማታውቀው ልጅ በአንድ ሳምንት ተወለደች። ሲቀሩብኝ የነበሩት ደስታዎች ሁሉ አንድ ላይ ይመጣሉ ብዬ ነበር፤ የመጣው ግን እንቅልፍ ብቻ ነው።

ለመፈረም የወረድነው ሥራ ስንጨርስ ነው። እትዬ ወገባቸውን ደግፈው መስኮቷ ላይ ቆሙ። ሴትዮዋ ወረቀቱን ዘርግታ በጣቷ እያሳየች አነበበች፤ ብድር ወሳጇ ካልከፈለች አብራ የፈረመችው ትከፍላለች፣ ከደመወዟም ሊቆረጥ ይችላል። እኔ ፈረምኩ። የእትዬ ተራ ሲሆን እስክሪብቶውን ይዤ ቆምኩ። የእቁብ ድርሻቸው በእኔ ተይዟል፤ አሁን ደግሞ ደመወዛቸው ሊያዝ ነው። ያ ሁሉ ተደጋግፎ የወደቀ ሰው ዓይኔ ላይ መጣብኝ።

«እትዬ፣ ባልከፍልስ?» አልኳቸው።

መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ካልከፈልሽ እከፍላለኋ፣ እየሰደብኩሽ። ዋስ ማለት ሌላ ምንድነው? በይ እስክሪብቶውን አምጪው፤ አውቶብሱ ሊያመልጠን ነው።»